የደመወዝ ወለል ሲወጣ ሁልጊዜ ሰው ይባረራል?

«የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ቢወጣ ደሴ ያሉ ካፌዎችና ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች እኩል ሰው ይቀንሳሉ?»

አይ፣ እኩል አይቀንሱም። ደሴ ፒያሳ ያለች አስተናጋጅ ክፍያው ካነሰባት ጎረቤት ካፌ ትገባለች። ስለዚህ ደመወዟ ለባለቤቱ ከምታስገባው ብዙም አይርቅም። ወለሉ ከዚያ ካለፈ ባለቤቱ ሰው ይቀንሳል።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊ የሚቀጥር አንድ ፋብሪካ ብቻ አለ እንበል። 100 ሰፊዎች በ2,000 ብር ይዟል። 10 ለመጨመር 2,200 መክፈል አለበት። ነባሮቹም «እኛስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ለሁሉም ይጨምራል። የደመወዝ ወጪው ከ200,000 ወደ 242,000 ብር ያድጋል። አዲሶቹ እያንዳንዳቸው 4,200 ብር አስወጡት ማለት ነው። አንዷ የምታስገባለት 3,500 ብር ከሆነ አይቀጥርም።

አሁን ሕጉ ወለሉን 2,200 አደረገው እንበል። ለነባሮቹ መጨመሩ ግዴታ ሆነ። አዲስ ሰው የምታስወጣው 2,200 ብቻ ስለሆነ 10ሩን ይቀጥራል። ደመወዝም ቅጥርም አብረው ጨመሩ። ከደመወዝ በኋላ የሚተርፈው ግን ከ150,000 ወደ 143,000 ይወርዳል (ጩኸቱ ከዚህ ነው የሚመጣው)። ይኼ ኪራይና የማሽን ወጪ ካልሸፈነለት ሊዘጋ ይችላል። ወለሉ ከ3,500 ካለፈም ማባረሩ አይቀርም።

የእናንተ ሰፈር ፋብሪካ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እይ። ዓመቱን ሙሉ «ሠራተኛ አጣሁ» እያለ ደመወዙን ንክች የማያደርግ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዓይነት መሆኑን ጠርጥር።