ክርንና ጉልበት ሲታጠፉ እንዳይሰበሩ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለኮምፒውተር አኒሜሽን ከተለያዩ ክፍሎች ገጣጥሜ የሠራሁት ገጸ ባሕርይ ክንዱ ቀጥ ሲል ያምራል። ሳጥፈው ግን ክርኑ ላይ ወይ ክፍተት ይከፈታል ወይ ጥቁር መስመር አቋርጦት ያልፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሁለቱ መነሻ ይለያያል። ክፍተቱ የሚመጣው ከቅርጹ ነው። ክርኑ ላይ የሚገናኙትን ሁለት ጫፎች እኩል ክብ አድርገሽ ሣይ። ክንዱ እዚያ ጋ 80 ፒክስል ከወፈረ ሁለቱም ክቦች 80 ይሁኑና አንዱ ሌላው ላይ ልክ ይረፍ። መዞሪያ ነጥቡን የክቡ መሀል ላይ አድርጊው። ክብ በመሀሉ ሲዞር ቦታውን ስለማይለቅ ምንም ያህል ብታጥፊው አይከፈትም። ነጥቡ ትንሽ ከመሀል ፈቀቅ ካለ በአንድ ወገን ጉብታ፣ በሌላው ስርጉድ ታያለሽ። ለመፈተን ታችኛውን ክንድ ሙሉ ዙር አዙሪው።

መስመሩ ግን የሌየር ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የሁለቱንም ክፍሎች ቀለምና መስመር ለያይተሽ፣ ሁለቱን መስመሮች ከታች፣ ሁለቱን ቀለሞች ከላይ አድርጊ። ክርኑ ውስጥ የሚገባውን የአንዱን መስመር የሌላው ቀለም ይሸፍነዋል፤ የሚታየው የውጪው ዙሪያ ብቻ ይሆናል። ቀለሙ መስመሩን እንዳይበላው ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይቁም። አራቱንም ሌየሮች በአንድ ግሩፕ እሰሪያቸው፤ አለበለዚያ የክንዱ መስመር ደረቱ ሥር ይቀበራል። ቱን ቡም ሃርመኒ የሚባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ Auto-Patch የሚባለው ኖድ ለዚሁ የተሠራ ነው።

ሌላ አባል፦ ይህን ያህል ምን ያደክማል? መደራረቡን ሰፋ ማድረግ ይበቃል፤ እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የምሠራው።

መልስ፦ መስመር ለሌለውና በትንሹ ብቻ ለሚታጠፍ ክንድ ልክ ነህ። ጫፉ ክብ ካልሆነ ግን 90 ዲግሪ ሲደርስ ትርፉ ከክርኑ ውጪ እንደ ቀንድ ይወጣል።

ጥያቄ፦ መስመሮቹን ከታች አድርጌ ሞከርኩት። ገጸ ባሕርዬ እንጀራ ሲጎርስ ግን ላይኛውና ታችኛው ክንድ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ።

መልስ፦ የዘዴው ገደብ እዚህ ላይ ነው። ታችኛው ክንድ ላይኛው ላይ ሲተኛ የሚለያቸው መስመርም አብሮ ይሸፈናል። እጥፋቱን የምታሳይ አጭር መስመር በራሷ ሌየር ሣልና ከሁሉም በላይ አስቀምጣት። ከታችኛው ክንድ ጋር ትዙር፤ ክንዱ በጣም ሲታጠፍ ብቻ ትታይ።

ጥያቄ፦ ጉልበትስ? መርገጫው ሲጎተት ጉልበቱን ራሱ በሚያጥፈው በአይኬ እግሩን ስጎትተው አንዳንዴ ወደ ኋላ ይገለበጣል።

መልስ፦ ክፍሎቹን አያይዞ የሚያንቀሳቅሰውን ሪግ ስትሠሪ እግሩ ፍጹም ቀጥ ያለ ነበር መሰለኝ። ያኔ አይኬ ወደየት እንደሚያጥፈው አያውቅም። ጉልበቱን ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት አጥፈሽ ጀምሪ። እርምጃው ከእግሩ ርዝመት ካለፈም ጉልበቱ በድንገት ቀጥ ብሎ ይዘላል፤ ያን ጊዜ ዳሌውን ዝቅ ማድረግ ነው።

ሌላ አባል፦ የእኔ ሰውዬ ሰፊ ሱሪ ነው የለበሰው። ጉልበቱ ላይ ክብ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ክቡ አያዋጣም። ሥዕሉን ራሱን በሚያጎብጠው በዲፎርመር ማጠፍ ይቻላል፤ ግን በደንብ ሲታጠፍ ከጉልበቱ ጀርባ ጨርቁ ይጨማደድና መስመሩ ይጣመማል። እኔ ለብዙ እጥፋት ሌላ ሥዕል ሠርቼ እቀይራለሁ። የተሻለ መንገድ ያገኘ ካለ ሪጉን ያሳየን።