የምስጋና መልእክትህን ከመጨረሻው ግስ ጀምረህ አርም

«ሰላም ለሁላችሁ። የሌላ ክፍል ኃላፊ ሪፖርታችን ከመላኩ በፊት የበጀት ሠንጠረዡን አይተው አስተካከሉልን። እኔም ይህን ጽፌ ላክሁላቸው፦ ‹ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት, ሪፖርቱን በማስተካከል ላደረግሽልን ትብብር እርሶን ምስጋናዬ አቀርባለው :: ድጋፎ አይለየን!!!› አለቃዬ ግልባጩን አይቶ ‹በችኮላ የተጻፈ ይመስላል› አለኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወንድሜ፣ አለቃህ እውነቱን ነው፤ ግን የቱ ጋ እንደሆነ ነግሮህ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። «አስተካክል» ብሎ ወረቀት መመለስ ማንንም አያስተምርም። እኔ እያንዳንዷን ስህተት ከነምክንያቷ ላሳይህ።

አንደኛና ዋናው፣ «ላደረግሽልን» ብለህ ጀምረህ «እርሶን» ብለህ መቀጠልህ ነው። «ላደረግሽልን» አንቺ ለምትላት ሴት ነው። ከሁለት ቃል በኋላ ያቺኑ ሴት አንቱ አልካቸው። ሌላው ሁሉ ቢታለፍ ይህ አይታለፍም፤ ምክንያቱም አንባቢዋ ወዲያው የሚጠረጥሩት ነገር አለ፦ ለሌላ ሰው የተላከን ምስጋና ቀድቶ ስሙን ብቻ ቀይሮ ልኮልኛል ብለው ነው የሚያስቡት። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለባልደረባ የተጻፈ «ላደረግሽልን» ከአሮጌው መልእክት ላይ ይተርፍና ለኃላፊ ይደርሳል። አንተ ከልብህ ጽፈኸው ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን እንደዚያ አይናገርልህም።

አክብሮት በአማርኛ በአንድ ቃል አይወሰንም። የምስጋና ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ይገባል፦ የተደረገልህን በሚናገረው ግስ፣ በስሙ መጨረሻ ላይ፣ በማሰሪያው ግስ ላይ። አንቺ ካልክ «ላደረግሽልን»፣ «ትብብርሽ»፣ «አመሰግንሻለሁ»። አንቱ ካልክ «ላደረጉልን»፣ «ትብብርዎ»፣ «አመሰግንዎታለሁ»። ለብዙ ሰው ከሆነ «ላደረጋችሁልን»፣ «ትብብራችሁ»፣ «አመሰግናችኋለሁ»። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከሌላ ረድፍ ከመጣ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ግስ ጀምረህ ወደ ኋላ እንድታርም የምመክርህ። ከመጀመሪያ ስታነብ ዓይንህ ልትል የፈለግኸውን እንጂ የጻፍከውን አያይም። ከማሰሪያው ስትነሣ ግን «ማን ነው የሚያመሰግነው? ማንን?» ብለህ ትጠይቅና መልሱን ይዘህ የቀሩትን ቃላት አንድ በአንድ ትፈትሻለህ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ላደረጉልን» ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም፣ ለእነሱም ያው ነው። «ላደረጉልን ትብብር እናመሰግናለን» ብቻ ብለህ ብትልክና ግልባጩ ለአምስት ሰው ቢሄድ፣ ማን እንደተመሰገነ ማንም እርግጠኛ አይሆንም። የሚለየው «ትብብርዎ» ወይም «እናመሰግንዎታለን» የሚለው ነው። ከሁለቱ አንዱ መኖር አለበት። መልእክቱን የምትጽፈው ለራሳቸው ሳይሆን ስለ እሳቸው ለአለቃቸው ከሆነ ደግሞ «አመሰግናቸዋለሁ» ይሆናል።

ሁለተኛ፣ «አቀርባለው»። ይህ ስህተት በጣም ከመለመዱ የተነሣ ትክክለኛው ለብዙ ሰው እንግዳ መስሏል፤ እኔ ግን አልለመድኩትም፣ አልለምደውምም። ቃሉ «አቀርባለሁ» ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ሁ» እኔ ማለት ነው። ስንናገር «ሁ» ይሳሳና «ው» ይመስላል፤ ጆሯችንን ተከትለን ስንጽፍ እንሳሳታለን። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «እዚህ አለሁ» ለማለት «እዚህ አለው» ብለህ ትጽፋለህ? አትጽፍም፤ «አለው» የእሱ ንብረት አለ ማለት ይሆናላ። «አመሰግናለሁ»፣ «አቀርባለሁ»፣ «እጠብቃለሁ» ሁሉም መጨረሻቸው ያው «አለሁ» ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ስልክህ ደጋግመህ የጻፍከውን ቃል ይለምዳልና «አመሰግናለው»ን ራሱ እያቀረበ ሊያሳስትህ ይችላል። ያን ጥቆማ አንዴ አጥፋው።

ሦስተኛ፣ «እርሶ» እና «ድጋፎ»። ሁለቱ የተለያዩ ስህተቶች ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው። የአክብሮቱ ምልክት «ዎ» ነው። ከፊቱ ያለው ፊደል ሳድስ ሲሆን በአነጋገር ተዋህደው ይሰማሉ፦ «ስ» እና «ዎ» «ሶ» ይመስላሉ፣ «ፍ» እና «ዎ» ደግሞ «ፎ»። በጽሕፈት ግን ተለያይተው ይቆማሉ፦ እርስዎ፣ ድጋፍዎ፣ ትብብርዎ፣ አመሰግንዎታለሁ። ስትጠራጠር «ሥራዎ» የሚለውን ቃል አስብ። እዚያ «ዎ» ጥርት ብሎ ይሰማል፤ «ድጋፍዎ» ውስጥ ያለውም ያው ነው። «አመሰግኖታለሁ» የሚለውም በዚሁ መንገድ ይታረማል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው «እርሶን ምስጋናዬ አቀርባለው» የሚለው አገባብ ነው። ሁለት ትክክለኛ ዓረፍተ ነገሮች ተጋጭተው አንድ የተሰበረ ወጥቷል። «ማመስገን» ሰውየውን በ«ን» ይይዛል፦ እርስዎን አመሰግናለሁ። «ምስጋና ማቅረብ» ግን ሰውየውን በ«ለ» ይይዛል፣ «ን» የምትሄደው ወደ ምስጋናው ነው፦ ለእርስዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። «ምስጋና አቀርባለሁ» ብትል «ን» ባትኖርም ያስኬዳል፤ «ምስጋናዬ» ካልክ ግን የማን እንደሆነ ተለይቷልና «ን» ግድ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ አጭር መልእክት ላይ «አመሰግንዎታለሁ» ይበልጣል። አንድ ቃል ውስጥ እኔም እርስዎም ተጠቃለናል፤ የሚሳሳት ቦታም ይቀንሳል። «ምስጋናዬን አቀርባለሁ» ለደብዳቤ ይሁንልህ።

እኛና እኔም ተቀላቅለውብሃል። «ላደረግሽልን» እኛ ነን፣ «ምስጋናዬ» እኔ፣ «አይለየን» እንደገና እኛ። በክፍሉ ስም ከሆነ የምትጽፈው እስከ መጨረሻው እኛ በል። በራስህ ከሆነም እስከ መጨረሻው እኔ። ሠንጠረዡ የክፍላችሁ ስለሆነ እዚህ እኛ ይሻላል።

ወደ ሥርዓተ ነጥቡ ስንመጣ፣ አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ ሁለት የላቲን ኮለን ደርድሮ መሥራት አይቻልም። ይህ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። አንዳንድ የኮምፒውተር መተየቢያዎች ላይ : ሁለት ጊዜ ሲጫኑ ። ይወጣል። ጣት ያንን ይለምድና ገበታው ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሮ ሳለ ያንኑ ሲነካ :: ይቀራል። ሌላም የሚመስለው አለ፦ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ፣ ማለትም ፡፡። በዓይን ከ። አይለይም። ማጥፊያውን አንዴ ስትጫን ግማሹ ብቻ ከጠፋ አራት ነጥብ አልነበረም ማለት ነው። ስልክ ላይ ትክክለኛው በምልክቶች ገጽ ወይም ነጥቧን ተጭኖ በመቆየት ይገኛል፤ እንደ ገበታው ይለያያል፣ አንዴ ፈልገህ ቦታውን እወቅ።

ከምልክቱም ይልቅ ከፊቱ የተውከው ክፍተት ይጎዳሃል። «አቀርባለው ::» ስትል መካከሉ ላይ ባዶ ቦታ አለ። መሣሪያው ያንን ክፍተት መስመር መቁረጫ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። አንተ ስትጽፍ መስመሩ ይበቃህ ይሆናል፤ ኃላፊዋ በጠባብ ስልክ ሲከፍቱት ግን ነጥቦቹ ብቻቸውን ወርደው ከአዲስ መስመር ራስ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ነጥብ ከቃሉ ጋር ይጣበቅ፣ ክፍተቱ ከነጥቡ በኋላ ይምጣ። ለነጠላ ሰረዝም ያው ነው፤ ከስማቸው በኋላ ያደረግኸው የላቲን ኮማ ደግሞ በ፣ ይተካ።

ሦስቱ ቃለ አጋኖ ይውጡ። ለጓደኛ ሞቅታ ነው፣ ለኃላፊ ጩኸት ይሆናል። «ድጋፍዎ አይለየን» የሚለውንም እኔ አወጣዋለሁ፤ ምስጋና ላይ ሲለጠፍ ነገም ላስቸግርዎት ነው የሚል ይመስላል። «ሥራ» በ«ሠ» ነው በ«ሰ» የሚለውን ክርክር ለዛሬ ተወው፤ አንድ መልእክት ውስጥ ግን አንዱን መርጠህ ጽና።

እንግዲህ ሲታረም ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወ/ሮ እገሊት። ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት የበጀት ሠንጠረዡን መርምረው ስላስተካከሉልን ከልብ እናመሰግንዎታለን።»

ከማሰሪያው ተነሥተህ ፈትሸው። «እናመሰግንዎታለን»፦ እኛ፣ እርስዎን። «ስላስተካከሉልን»፦ እርስዎ፣ ለእኛ። «መርምረው»፦ እርስዎ። ሁሉም ይገጥማል። «ላደረጉልን ትብብር» የሚለውን ያወጣሁት ስህተት ሆኖ አይደለም፤ ምን እንዳደረጉ በራሱ ግስ ከተነገረ «ትብብር» የሚጨምረው የለም፣ ከቀደመው መልእክት የሚተርፈውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በራስህ ስም ከላክኸው ሁለት ቦታ ብቻ ትቀይራለህ፦ «ስላስተካከሉልኝ» እና «አመሰግንዎታለሁ»።

ለእኩያህ ስትጽፍ አንተ ወይም አንቺ ማለት ነውር የለውም፤ ግን «ላደረክልኝ» አትበል። የግሱ ሥር ላይ «ግ» አለች፣ አትዋጥም፦ «ላደረግህልኝ» ወይም «ላደረግክልኝ»።

የተላከውን በተመለከተ፣ ነጥብና «ለው» ብቻ ቢሆን ኖሮ እርማት አትላክ እልህ ነበር፤ ያላዩትን ማሳየት ይሆናል። አንቺ ማለትህ ግን ሌላ ነው። ከላይ የጻፍኩልህን ላክና ከፊቱ ይህችን ብቻ አድርግ፦ «ቀደም ሲል የላክሁልዎት መልእክት አጻጻፉ ተገቢ ስላልነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሰበብ አትደርድር። ግልባጩንም የመጀመሪያው ለደረሳቸው ሰዎች ሁሉ አድርግ፤ አለቃህም ይየው።