«አርጊልኝ» ወይስ «ቢያዛውሩልኝ»? ለቀጣሪ የሚላክ የስልክ መልእክት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ደብረ ብርሃን ላለ አንድ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኛነት ተወዳድሬ ነበር። ለቅጥር ክፍሏ ሠራተኛ በቴሌግራም የላክኋቸው እነዚህ ናቸው፦ «አሁን ላይ እየሰራሁ ነው ግን መልቀቅ እችላለሁ በቅርቡ»፤ «ደሞዝ ላይ ችግር የለም እናንተ የምትሉትን፤ ግን ከ15 ሺህ ባያንስ»፤ «ዛሬ አልመጣም መንገድ ተዘግቷል። ሌላ ቀን አርጊልኝ»። ጓደኛዬ ድፍረት አለበት አለኝ። ልጅቷ በዕድሜ ታንሰኛለች፣ እሷ ግን «ቢመጡ» እያለች ነው የምትጽፍልኝ። ምን ላርም?

መልስ፦ ጓደኛዎ የታየው ሦስተኛው መልእክት ይመስለኛል፤ ከእሱ እንጀምር።

«አልመጣም» አለመቻልንም አለመፈለግንም ይሸከማል። ፊት ለፊት ቢሆን የድምፅዎ ቃና ይለየው ነበር፤ በጽሑፍ ግን እምቢታ መስሎ ይነበባል። «መድረስ አልችልም» ሲሉ ያ ጥርጣሬ ይወገዳል። «አርጊልኝ» ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል፦ አንቺታና ትእዛዝ። እሷ በእርስዎታ ስትጽፍልዎ እርስዎ በአንቺታ መመለስዎ፣ ታናሽ ብትሆንም፣ ከፍና ዝቅ ያለ ንግግር ይፈጥራል። በሥራ ጉዳይ ዕድሜ አይቆጠርም፤ ጻፊዋ በያዘችው መንገድ መሄድ ነው። ትእዛዙን ለማለዘብ «እባክዎ» መጨመር ይቻላል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ግሱን ራሱን ወደ «ቢያዛውሩልኝ» መለወጥ ነው። አክብሮታችን ያለው በግሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ግሱ ካልተስተካከለ ሦስት ይቅርታ ቢደረደርም አያድነውም።

«ሌላ ቀን» ማለትዎም ሥራውን ለእሷ ይተዋል፤ ቀን መርጣ፣ ይመችዎ እንደሆነ መልሳ መጠየቅ ሊኖርባት ነው። እንዲህ ቢሆንስ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ነበረን። ጣርማ በር ላይ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ስለተዘጋ በሰዓቱ መድረስ አልችልም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት ቢያዛውሩልኝ፤ በሁለቱም ቀን መገኘት እችላለሁ።»

«ቀጠሮ ነበረን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ለዛሬ ተቀጥሬ ነበር» ቢሉ ቀጠሮ መያዝም ሥራ መግባትም ይሆናል፤ ለቅጥር ክፍል ሲጻፍ ይህ ያስቃል። «ከጠዋቱ» የሚለውንም አይዝለሉት። የእኛን 4 ሰዓት ስልኩ 10:00 ብሎ ያሳያል፤ መልእክቱም የውጭ አገር ሰው ለሆነ ኃላፊ ሊተላለፍ ይችላል። በማመልከቻ የለመድነው «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ግን ለቴሌግራም ይከብዳል፤ ይቅር።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ «እናንተ» ማለትዎ ነውር የለበትም፤ ድርጅቱን ነው። ችግሩ «ግን» ላይ ነው፦ መጀመሪያ «የምትሉትን» ብለው ይሰጣሉ፣ ወዲያው መልሰው ይወስዳሉ። አንባቢዋ የትኛውን ትያዝ? ከዚህ የባሰው ደግሞ 15 ሺው የተጣራ ይሁን ያልተጣራ አለመታወቁ ነው። እኛ ስናወራ እጅ የሚገባውን እናስባለን፤ ውል ላይ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ያልተጣራው ነው። ከ15,000 ብር የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ብቻ ሲነሳ 13,950 ይቀራል፤ የገቢ ግብሩ ገና አልተነካም። ስለዚህ፦

«የምጠብቀው ያልተጣራ ወርሃዊ ደመወዝ ከ18,000 ብር ጀምሮ ነው። የትራንስፖርትና የምሳ አበል ካለ ስለ መጠኑ መነጋገር እንችላለን።»

18,000 ለምሳሌ ያህል ነው፤ ቁጥሩን የራስዎ ያድርጉት። «ከዚህ እስከዚህ» ብለው ከጻፉ ግን የሚሰማው ታችኛው ነውና፣ ታችኛው በእርግጥ የሚቀበሉት ይሁን። «ባያንስ ደስ ይለኛል» ለልመና ይቀርባል፤ ለዋጋ «የምጠብቀው» ይበቃል።

የመጀመሪያው መልእክት ቀላል ነው። «አሁን ላይ» ከሬዲዮ የተላመድነው ነው፤ «አሁን» ብቻውን ይበቃል። «በቅርቡ» ከግሱ ኋላ መንጠልጠሉ የአፍ ንግግር ነው፤ ቦታው ከግሱ በፊት ነው። ከሁሉ በላይ ግን «በቅርቡ» ቀን አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ፦

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ፣ ቅጥሩ ከተረጋገጠ ከ30 ቀን በኋላ ሥራ መጀመር እችላለሁ።»

የሙከራ ጊዜ ላይ ከሆኑ ግን ይህን አይጻፉ፤ የሚችሉትን ቀን በቁርጥ ያስቀምጡ። ልጅቷ አንድ ቀን «አንተ» ብላ ከጻፈችልዎ ያን ጊዜ ወደ አንቺታ መመለስ ይችላሉ፤ እስከዚያው በ«እርስዎ» ይቆዩ።