የአስታማሚዎችን ቃል ስትኮዱ፦ ለወጣት ተመራማሪዎች

ልጆቼ፣

ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም ስለ አስታማሚዎች የጥናት ረቂቅ ትልኩልኛላችሁ። ብዙዎቹ ላይ ጭብጦቹ «ኢኮኖሚያዊ ጫና»፣ «ማኅበራዊ ጫና»፣ «ሥነ ልቦናዊ ጫና» ይላሉ። እነዚህ የመጠይቃችሁ ርዕሶች እንጂ ጭብጦች አይደሉም። ማንንም ሳታነጋግሩ ልትጽፏቸው ትችሉ ነበር።

በምሳሌ እንየው። የእውነተኛ አስታማሚ ቃል አደባባይ አላወጣም፤ ይህን ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁት ነው። ልጇ ስኪዞፍሬንያ ያለበት የገጠር እናት እንዲህ አለች እንበል፦ «ማታ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ እተኛለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ጸበል ሄዷል እላለሁ።»

መጀመሪያ ድምፁን እየሰማችሁ ጽሑፉን ደጋግማችሁ አንብቡ። ከዚያ ለየሐሳቡ አጭር መጠሪያ፣ ማለትም ኮድ ስጡ። «መገለል» ብላችሁ አትለፉ። ያደረገችውን ጻፉ፦ «ቁልፉን ከራስ አለመለየት»፣ «ሕመሙን ከጎረቤት መደበቅ»። ኮዱን ብቻ ያየ ሰው ምን እንደተባለ መገመት ከቻለ ጥሩ ኮድ ነው።

ቀጥሎ ኮዶቹን ምን እንደሚያገናኛቸው ጠይቁ። ቁልፉ ልጁ ሌሊት ወጥቶ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል፤ ከሰው ዓይንም ይሰውረዋል። ስለዚህ ለጊዜው «መጠበቅና መደበቅ በአንድ ቁልፍ» የሚል ጭብጥ እንያዝ።

አሁን ፈትኑት። ወንድሙን የሚያስታምም ሌላ ሰው «ለዕድሩ ተናግሬያለሁ፤ ሲወጣ ካዩት ይመልሱልኛል» ቢልስ? እሱ ይጠብቃል እንጂ አይደብቅም። ብዙ ተማሪ ጭብጡን ያበላሽብኛል ብሎ ይህን ቃል ይተወዋል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምፈልገው እሱን ነው። ወደ እናትየዋ ቃል ተመለሱ። ወረድ ብላ «ያልተዳረች ልጅ አለችኝ» ብላ ከሆነ፣ የምትደብቀው የልጅቷ ትዳር እንዳይሰናከል ሊሆን ይችላል። ይሄ ገና ግምት ነው። ሌሎቹን ቃለ መጠይቆች ሁሉ በዚህ ዓይን እንደገና ማንበብ አለባችሁ።

የጥናቱን ጥንካሬ የሚያሳየው ይሄ ጉዞ ነው። ጭብጡ መቼ፣ በየትኛው ቃል የተነሳ እንደተለወጠ ከነቀኑ መዝግቡ። ወንድሙን የሚያስታምመውን ሰው ቃልም በውጤት ክፍላችሁ አስገቡት። የብራውንና የክላርክን ባለ ስድስት ደረጃ የጭብጥ ትንተና መንገድ (2006 እ.ኤ.አ.) ተከተልን ማለት ብቻውን ገምጋሚን አያሳምንም። ደግሞ እነሱን እየጠቀሳችሁ የሁለት ኮዳሪዎችን ስምምነት በካፓ አትለኩ፤ እነሱ ራሳቸው ከመንገዳቸው ጋር እንደማይሄድ ጽፈዋል። የኮድ መጽሐፍ አስቀድሞ አዘጋጅቶ መሥራት ሌላ መንገድ ነው፤ ካፓ እዚያ ቦታ አለው። በእነሱ መንገድ ከሄዳችሁ ግን ሁለታችሁ የተለያያችሁበትን ቦታ ተወያዩበት፤ አዲስ ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ማን ሆናችሁ እንደጠየቃችሁም ጻፉ። ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ሆስፒታል ውስጥ ከጠየቃችሁ፣ አስታማሚዎቹ ስለ ጸበል ዝም ማለታቸው ጸበል አይሄዱም ማለት አይደለም።