ዲሲ ሀብታም ናት? የነፍስ ወከፍ ምርት ጥያቄዎቻችሁ

«ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፣ ዲሲ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ሥራዬ ለየትኛው ነው የሚቆጠረው?»

ሥራሽ ለዲሲ፣ አንቺ ራስሽ ለሜሪላንድ።

የአንድ ቀን ሒሳብ እንይ። ምግብ ቤቱ 3,000 ዶላር ሸጠ እንበል። ለጤፍ፣ ለሥጋ፣ ለመብራትና ለቤት ኪራይ 1,300 ከፈለ። የቀረው 1,700 ዶላር ቤቱ የጨመረው እሴት ነው። ያንቺ ደሞዝም የባለቤቱ ትርፍም ከዚያው ነው የሚወጣው። 1,300ው የሚቀነሰው ሁለቴ እንዳይቆጠር ነው፤ ሥጋ ሻጩና አከራዩ በየራሳቸው ሒሳብ ይገባሉ።

ዲሲ ውስጥ ያለው ድርጅትና መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ተቆጥሮ ሲደመር፣ እንደ ሽያጭ ታክስ ያለው ሲጨመርበት የዲሲ ጥቅል ምርት ይገኛል። ያ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል ነፍስ ወከፍ ይሆናል። ልብ በይ፣ የሚካፈለው እዚያ ለሚያድረው ሰው ነው እንጂ እዚያ ለሚሠራው አይደለም። አንቺ ላዩ ላይ፣ ምርቱ ውስጥ አለሽበት፤ ታቹ ላይ፣ ሕዝቡ ቁጥር ውስጥ ግን የለሽም።

«ዲሲ በነፍስ ወከፍ ከስቴቶቹ ሁሉ ትበልጣለች ይባላል። እኔ እዚያው እየኖርኩ ያን ገንዘብ በዓይኔም አላየሁት። ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም፤ ግን የኪስህ ቁጥር አይደለም።

በፈረንጆቹ 2023 የዲሲ ምርት 175 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ነዋሪው 680 ሺህ ግድም ነበር። ሲካፈል ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣል። አሁን ሌላ ቁጥር ልጨምርልህ፤ በዚያ ዓመት ዲሲ ውስጥ ከ750 ሺህ በላይ የሥራ መደብ ነበር። ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ከነዋሪው ይበልጣል! ጠዋት ጠዋት ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ በሜትሮና በመኪና የሚጎርፈው ሰው ነው ልዩነቱን የሚሞላው። ማታ ደሞዙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሥራ መደቡ ከነዋሪው በልጦ ካየህ ነፍስ ወከፉን እንዳለ አትቀበለው።

የነዋሪውን ኑሮ ለማወቅ የነፍስ ወከፍ የግል ገቢን ተመልከት። እዚያ ላይ የሚመላለሰው ሰው ደሞዝ ወደሚያድርበት ይዛወራል። የዲሲ በዚያው ዓመት 100 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። እሱም አማካይ ነው፤ ጥቂት ከፍተኛ ተከፋዮች ይጎትቱታል። ምርቱን ራሱን ማነጻጸር ከፈለግህ ደግሞ ዲሲን ከነአካባቢዋ፣ ከነአሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ላይ ውሰድ። ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው፤ ነፍስ ወከፉም ወደ 110 ሺህ ይወርዳል።

በነገራችን ላይ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ እስከ 1846 የዲሲ ግዛት ነበሩ። ወደ ቨርጂኒያ ባይመለሱ ኖሮ የዛሬዋ ዲሲ ነፍስ ወከፍ ዝቅ ይል ነበር። ማንም ሳይደኸይ፣ በመስመር ብቻ።

«ወደ አገር ቤት እናምጣው። ሐረሪንና ኦሮሚያን በነፍስ ወከፍ ብናወዳድር ምን ችግር አለው?»

ችግሩ አንድ ፋብሪካ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሐረሪ 183 ሺህ ሰው፣ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ገደማ ነበራቸው። በዚያ ቁጥር እንሥራ። በዓመት 1 ቢሊዮን 830 ሚሊዮን ብር እሴት የሚጨምር ፋብሪካ አለ እንበል። ሐረሪ ውስጥ ቢተከል ነፍስ ወከፉን በ10,000 ብር ያሳድገዋል። ያው ፋብሪካ ኦሮሚያ ላይ ቢተከል 68 ብር ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ዓመቱን ሙሉ ቢቆም ደግሞ ሐረሪ «ደኸየች» ይባላል፤ ኦሮሚያ ላይ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ ትንሹን ክልል በአንድ ዓመት ቁጥር አትፍረዱበት፤ ቢያንስ የአምስት ዓመቱን ደርድሩት።

የሕዝብ ቁጥሩም ያው ጣጣ አለበት። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ የምንጠቀመው ትንበያ ነው። ትንበያው በ20 ሺህ ሰው ቢስት ሐረሪ ላይ 11 በመቶ ስሕተት ነው። ኦሮሚያ ላይ ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

«የሁለት ክልሎችን ነፍስ ወከፍ ደምሬ ለሁለት ባካፍልስ?»

ኧረ እንዳታደርገው! አንዱ 100 ሺህ ሰውና 90,000 ብር ነፍስ ወከፍ፣ ሌላው 10 ሚሊዮን ሰውና 30,000 ብር ይኑራቸው። ያንተ ሒሳብ 60,000 ይሰጥሃል። መጀመሪያ ምርቱን ከምርቱ፣ ሰውን ከሰው ደምረህ ብታካፍለው ግን 30,600 ብር ገደማ ነው።