ቲ-ቴስት፣ አኖቫ ወይስ ካይ-ስኩዌር? መጀመሪያ አምዶቹን እንያቸው

ጥያቄ፦ «ሰላም። ልመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ለጀማሪ ዳታ አናሊስትነት አመልክቼ ቤት ሆኜ የምሠራው የፈተና ፋይል ላኩልኝ። የ90 ሠራተኞች መረጃ ነው፤ የወሰዱት የስልጠና ዓይነት (1፣ 2፣ 3)፣ ከስልጠናው በፊትና በኋላ ያገኙት ነጥብ፣ የማረጋገጫ ፈተናውን ማለፍ አለማለፋቸው፣ ጾታቸው። የጠየቁኝ የስልጠናው ዓይነት ልዩነት ያመጣ እንደሆነ ነው። ሦስቱንም ቴስት ተምሬያለሁ፤ ፋይሉን ስከፍት ግን ግራ ገባኝ። ሦስቱንም ሠርቼ ጥሩ ውጤት የሰጠኝን ላቅርብ?» — ተመራቂ ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻው ሐሳብሽ ይቅር። ሁሉንም ሠርቶ ፒ-ቫልዩው ያማረውን ማቅረብ ገምጋሚ ቶሎ የሚነቃበት ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ፋይል የሚልክ ሰው ትእዛዝ መጻፍ እንደምትችይ ብዙም አይጠራጠርም። ማየት የሚፈልገው ቴስቱን የመረጥሽው በምን ምክንያት እንደሆነ ነው።

ለጊዜው ሶፍትዌሩን ተይውና ወረቀት አውጪ። የአምዶቹን ስም ጻፊና ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ጥያቄ መልሺ፦ የዚህ አምድ አማካይ ትርጉም ይሰጣል? ነጥብ ይሰጣል። «አማካያቸው 62 ነው» ቢሉሽ ይገባሻል። የስልጠናው ዓይነት ግን 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ቢጻፍም ቁጥር አይደለም፤ የቁጥር ልብስ የለበሰ ስም ነው። «አማካይ ስልጠናቸው 2.1 ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጾታም እንደዚያው። ማለፍና አለማለፍ በ1 እና በ0 ከተጻፈ አማካዩ ያለፉትን ድርሻ ይሰጥሻል፤ ያም ቢሆን ከሰዎች ቆጠራ የመጣ እንጂ የተለካ መጠን አይደለም።

ቀጥለሽ ውጤት የምትይው አምድ የትኛው እንደሆነ ለዪ። ምርጫው ያለው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ አማካይ ያለው መጠን ከሆነና የምታወዳድሪው ሁለት ቡድን ከሆነ ቲ-ቴስት ነው። ቡድኖቹ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ አኖቫ። ውጤቱ ራሱ ምድብ ከሆነ ደግሞ የቡድኑ ብዛት ምንም ይሁን ምን ካይ-ስኩዌር ነው። ባንቺ ፋይል «ሴቶችና ወንዶች በነጥብ ይለያያሉ?» የሚለው ወደ ቲ-ቴስት ይሄዳል። «ሦስቱ ስልጠናዎች በነጥብ ይለያያሉ?» አኖቫ ነው። «ሦስቱ ስልጠናዎች ባሳለፉት ሰው ይለያያሉ?» ካይ-ስኩዌር ነው። ስለዚህ የሚመርጠው ፋይሉ አይደለም፤ ከፋይሉ ላይ የምታነሺው ጥያቄ ነው።

ፋይልሽን ስላላየሁት የራሴን ቁጥር አስገብቼ ላሳይሽ። በእያንዳንዱ ስልጠና 30 ሰው አለ እንበል። ከስልጠናው በኋላ ያገኙት አማካይ ነጥብ 62፣ 66 እና 71 ነው። በየቡድኑ ውስጥ ያለው የነጥብ መበታተን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ፣ 12 ነው።

አኖቫ የሚያደርገው ሁለት ልዩነቶችን ማመዛዘን ነው። አንደኛው የቡድኖቹ አማካይ እርስ በርስ ምን ያህል ይራራቃል የሚለው ነው፤ በዚህ ምሳሌ 610 ይመጣል። ሌላው አንድ ዓይነት ስልጠና የወሰዱ ሰዎች በመካከላቸው ምን ያህል ይለያያሉ የሚለው ነው፤ ይህ 12 በ12 ሲባዛ 144 ነው። 610ን ለ144 ስናካፍል ኤፍ 4.24 ይሆናል፣ ፒ-ቫልዩውም 0.018። ልዩነት አለ ማለት ይቻላል።

የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ግን አኖቫ አልነገረሽም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ቸኩሎ ሦስት ቲ-ቴስት ይደረድራል፦ 1 ከ2፣ 1 ከ3፣ 2 ከ3። ችግሩ እያንዳንዱ ቴስት በሌለ ልዩነት የመሳሳት 5 በመቶ ዕድል ይዞ መምጣቱ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ቢያንስ በአንዱ የመሳሳት ዕድልሽ ወደ 12 በመቶ ገደማ ይወጣል። ለዚህ የተዘጋጀው የቱኪ ማወዳደሪያ ነው። በኔ ቁጥሮች በቱኪ መሠረት ሁለት ቡድኖች ይለያያሉ ለማለት በአማካያቸው መካከል 7.4 ገደማ ክፍተት ያስፈልጋል። 71 እና 62 በ9 ይራራቃሉ፤ ይለያያሉ። 66 ግን ከሁለቱም መለየቱ አልተረጋገጠም። ሪፖርትሽ ላይ «ሦስቱም ይለያያሉ» ብትይ ከዳታው በላይ ተናገርሽ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ የቁጥር ልብስ እንመለስ፤ ፈተና ላይ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የስልጠናው አምድ 1፣ 2፣ 3 ሆኖ በ R ውስጥ እንዲሁ ካስገባሽው፣ ፕሮግራሙ ምድብ መሆኑን አያውቅም። እንደ መጠን ይቆጥረውና በቀጥታ መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። ስህተት የሚል መልእክትም አያሳይሽም፤ ጸጥ ብሎ ውጤት ይሰጥሻል። የሚያጋልጠው `Df` የሚለው ዓምድ ነው። ለሦስት ቡድን ከስልጠናው ረድፍ ጎን 2 መሆን አለበት። 1 ካየሽ ምድቡ ቁጥር ሆኖ ገብቷል። መፍትሔው አንዲት ቃል ናት፦

```
summary(aov(score ~ factor(method)))
```

ኢንተርቪው ላይ «ይህ 2 ከየት መጣ?» ብለው ሊጠይቁሽም ይችላሉ። ሦስት ቡድን ሲቀነስ አንድ ነው፤ በቃ።

ማለፍና አለማለፍ ላይ ስንመጣ አማካይ ትተን እንቆጥራለን። ከ30፣ 30ው ውስጥ 15፣ 18 እና 24 ሰው አለፈ እንበል። ያለፉት 57፣ የወደቁት 33 ናቸው። የስልጠናው ዓይነት ምንም ባያመጣ ኖሮ ከእያንዳንዱ ቡድን 19 ሰው ያልፋል፣ 11 ሰው ይወድቃል ብለን እንጠብቃለን። ካይ-ስኩዌር በየሳጥኑ ካየነው ላይ የጠበቅነውን ይቀንሳል፣ በራሱ ያባዛል፣ ለጠበቅነው ያካፍላል፣ ከዚያ ሁሉንም ይደምራል። ለመጀመሪያው ሳጥን 15 ሲቀነስ 19 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 16፣ ለ19 ሲካፈል 0.84። ስድስቱ ሳጥን ሲደመር 6.03 ይወጣል፤ ፒ-ቫልዩው 0.049። በ R ይህን ያህል ነው፦

```
chisq.test(matrix(c(15,15, 18,12, 24,6), nrow=2))
```

ያስገባሁት ቆጠራ መሆኑን ልብ በይ፤ በመቶኛ አይደለም። አንድ ሰው እነዚህኑ ሰዎች 50፣ 60 እና 80 በመቶ አልፈዋል ብሎ በመቶኛውን ቢያስገባ፣ ፕሮግራሙ በየቡድኑ 100 ሰው እንዳለ አድርጎ ያሰላል። ድምሩ ከ6.03 ወደ 20.1 ይዘላል፣ ፒ-ቫልዩውም ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። 90 ሰው ነው ያለው፤ ሒሳቡ ግን በ300 ሰው ተሠራ። ለማጣራት የሠንጠረዡን ጠቅላላ ድምር እዪ። ከሰዎቹ ቁጥር ጋር ካልገጠመ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የምንጠብቀው ቁጥርም በየሳጥኑ በጣም ማነስ የለበትም፤ የተለመደው ወለል 5 ነው። ከዚያ ብዙ ሳጥን ከወረደብሽ የፊሸር ኤግዛክት ቴስትን ተጠቀሚ።

ፒ-ቫልዩዎቹን አስተያዪ፤ ለነጥቡ 0.018፣ ለማለፍ 0.049። አንድ ሰው ከማለፊያው ነጥብ በአንድ ቢጎድልም በ30 ቢጎድልም «ወድቋል» ተብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። መጠን የነበረውን ወደ ምድብ ስትቆርጪው መረጃ ይፈሳል። ስለዚህ ነጥቡን ራስሽ «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» ብለሽ ከፋፍለሽ ካይ-ስኩዌር አትሥሪ። ማለፍ የራሱ ውጤት ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ግን ሁለቱንም ማቅረብ ትችያለሽ፤ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ መሆኑን ከጻፍሽ። 0.049ንም አታግንኚው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ውጤቱ ቢቀየር ወደ ማዶ የሚሻገር ቁጥር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምፈራልሽ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉትን አምዶች ነው። ሁለቱ ነጥቦች የአንድ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች አድርገሽ ተራውን ቲ-ቴስት መሥራት አትችይም። ጥንዱን የሚያከብረው፣ ፔርድ የሚባለው ቲ-ቴስት ነው። እሱ ግን «ሰዎቹ ተሻሻሉ ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው የሚመልሰው። የተጠየቅሽው ስለ ስልጠናዎቹ ልዩነት ነው። ለሦስቱም ቡድን ለየብቻ ፔርድ ቲ-ቴስት ሠርቶ «ሦስተኛው ላይ ትርጉም ያለው ለውጥ ተገኘ፣ አንደኛው ላይ አልተገኘም፣ እንግዲህ ሦስተኛው ይበልጣል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አያስኬድም። አንዱ መስመሩን ለጥቂት አልፎ ሌላው ለጥቂት ቢቀር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ሊሆን ይችላል። ቀላሉ መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው ከኋላው ነጥብ ላይ የፊተኛውን ቀንሰሽ «ጭማሪ» የሚል አዲስ አምድ መሥራት ነው። ከዚያ በጭማሪው ላይ አኖቫ ሥሪ። ይህ ሲጀምሩ እኩል ያልነበሩ ቡድኖችን ለማወዳደርም ከኋላው ነጥብ ብቻ ይሻላል። አንኮቫ ተምረሽ ከሆነ የፊተኛውን ነጥብ አስገብተሽ እሱን መሥራት ትችያለሽ። ካልተማርሽ ለፈተና ብለሽ ዛሬ አትጀምሪው።

ስለ ጾታው ብዙ አልልም። የተጠየቅሽው ስልጠናውን ነው፤ ቡድኖቹ በጾታ ተመጣጣኝ መሆናቸውን አንድ ጊዜ ቆጥረሽ እለፊ። ቲ-ቴስት ካስፈለገሽ የዌልችን ተጠቀሚ። የሁለቱ ቡድን መበታተን እኩል ነው ብሎ አይገምትም፤ በ R `t.test` ብለሽ ስትጽፊም ሳትጠይቂው የሚመጣው እሱ ነው።

ሪፖርቱን ስትጽፊ ከእያንዳንዱ ውጤት በፊት የምርጫሽን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሚ። ለምሳሌ፦ «ውጤቱ አማካይ ያለው የነጥብ ጭማሪ፣ ማወዳደሪያው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ቡድን ስለሆነ አኖቫ ተጠቅሜያለሁ፤ ጥንድ ጥንዱን በቱኪ አወዳድሬያለሁ።» ከዚያ የቡድኖቹን አማካይ አስቀምጪ፣ ልዩነቱ ስንት ነጥብ እንደሆነ ጻፊ፤ ፒ-ቫልዩው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የሚቀጥርሽ ሰው ስልጠናውን ለመቀየር ሲወስን የሚያስፈልገው 9 ነጥብ የሚለው ነው። ሌላ አንድ ነገርም ጨምሪ፦ ሰዎቹ ወደየስልጠናው በዕጣ ተመድበው እንደሆነ ወይም ራሳቸው መርጠው እንደሆነ ፋይሉ ካልነገረሽ፣ በኢሜይል ጠይቂያቸው። ራሳቸው መርጠው ከሆነ ሦስተኛውን የመረጡት ገና ሲጀምሩ የበረቱት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ከስልጠናው ይምጣ ከሰዎቹ ደግሞ ከሦስቱ ቴስቶች አንዱም አይነግርሽም።