የሰረዛችሁት ቁጥር ለምን ተመልሶ ይመጣል?

«የማስታወቂያ ኤስኤምኤስ በብዛት እንልካለን። ኤክሴል ላይ ‹ፈቅዷል› የሚል አምድ አለን። ‹አቁሙ› ብሎ የመለሰውን ሰው ከዝርዝሩ እንሰርዘዋለን። ከወር በኋላ ግን ያው ሰው መልእክት ደርሶት ይቆጣናል። አንዱ ደግሞ ‹መቼ ነው የፈቀድኩላችሁ?› ብሎ ማስረጃ ጠየቀን። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ችግሩ መሰረዙ ላይ ነው። ሰውየውን ስትሰርዙት እምቢታውም አብሮት ይጠፋል። ከዚያ የሆነ ሰው የድሮ ፋይል ይጭናል፣ ቁጥሩ ተመልሶ ይገባል። ለሲስተሙ አዲስ ደንበኛ ነው፤ እምቢ ማለቱን የሚነግረው የለም። ስለዚህ አትሰርዙ። እምቢ ያሉ ሰዎች ብቻ የሚቀመጡበት ሌላ ዝርዝር ክፈቱ። እኛ «የአይላክ ዝርዝር» እንለዋለን። ወደዚህ ዝርዝር ቁጥር ይገባል እንጂ አይወጣም፤ የሚወጣው ባለቤቱ ራሱ ተመልሶ ሲመዘገብ ብቻ ነው። አንድ ሰው «መረጃዬን በሙሉ አጥፉልኝ» ቢል እንኳ ስሙን፣ አድራሻውንና የግዢ ታሪኩን አጥፍታችሁ ቁጥሩን ብቻ እዚያ ማቆየት ያስፈልጋችኋል። አለዚያ ጥያቄውን ማክበር አትችሉም።

ይሄ ግን ግማሹ ነው። ዝርዝሩ ኖሮም መልእክቱ ሊያመልጥ ይችላል። አንድ ድርጅት «ሦስት ጊዜ አቁሙ ብያለሁ» የሚል ቅሬታ ደርሶት እንድመለከትለት ጠርቶኝ ነበር። የአይላክ ዝርዝር ነበራቸው። የሰውየውን ታሪክ ከተለያየ ቦታ ለቅመን በጊዜ ቅደም ተከተል ስናስቀምጠው ይሄን ይመስል ነበር፦

```
12 ማርች  10:20  ፈቃድ    የድረ ገጽ ፎርም
05 ጁን   12:00  ተልኳል
05 ጁን   12:06  ምላሽ    እባካችሁ ከዚህ በኋላ አትላኩልኝ
12 ጁን   12:00  ተልኳል
19 ጁን   08:41  ምላሽ    አቁሙ
19 ጁን   12:00  ተልኳል
19 ጁን   12:03  ምላሽ    አቁሙ ብያለሁ!
10 ጁላይ  12:00  ተልኳል
```

ሰውየው እውነቱን ነው። ሦስቱ ስህተቶች ግን ምክንያታቸው የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ምላሽ ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲስተሙ ደግሞ የሚያውቀው «አቁሙ» የሚለውን ቃል ብቻውን ሲያገኘው ነው። ብዙ የመላኪያ ሲስተሞች እንዲህ ናቸው። ሳይነኩ ሲመጡ የሚያውቁት STOP፣ CANCEL፣ END፣ QUIT፣ UNSUBSCRIBE የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። እሱንም ቃሉ ብቻውን ከተጻፈ ነው፤ ሌላ ቃል ከተጨመረበት ያልፉታል። የአማርኛውን እናንተ ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ። «አቁም»፣ «አቁሙ»፣ «አቁሙልኝ»፣ «አትላኩ»፣ «አትላኩልኝ»፣ «ይቅርብኝ»፣ «በቃኝ» አስገቡ። በእንግሊዝኛ ፊደል akumu ወይም aqumu ብሎ የሚጽፈውም ብዙ ነው። ከማወዳደራችሁ በፊት ነጥቡንና ቃለ አጋኖውን አውጡ፤ አ እና ዐን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጉ። ይሄን የምታደርጉት ለማወዳደሪያ በሚያገለግለው ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ሰውየው የጻፈው ዋናው ምላሽ ግን እንዳለ ይቀመጥ።

«ታዲያ ‹ቁሙ› ወይም ‹ቆሙ› የሚል ነገር ያለበትን ሁሉ ለምን አናግድም?» የሚል ይኖራል። «እባካችሁ እንዳታቆሙ» የሚል ምላሽ ይመጣል፤ «ቅናሹን መቼ ነው የምታቆሙት?» የሚልም ይመጣል። አማርኛ ላይ አፍራሹ ቃሉ ውስጥ ስለሚገባ ቁርጥራጭ ፊደል ፈልጎ ማገድ ተቃራኒውን ሰው ይይዛል። የሚሠራው መንገድ እንዲህ ነው። ቃሉ ብቻውን ከሆነ ማሽኑ ወዲያው ያግድ። ዓረፍተ ነገር ከሆነ ሰው ያንብበው፣ በዚያው ቀን። አንባቢው ከተጠራጠረ ያግድ። በስህተት የታገደ ሰው ተመልሶ መመዝገብ ይችላል፤ በስህተት የተላከበት ሰው ግን ይከሳል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ የኤፍሲሲ ደንብም ሰው በማንኛውም ምክንያታዊ መንገድ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ላኪው እምቢታውን ተግባራዊ ለማድረግ ያለው ጊዜ ቢበዛ 10 የሥራ ቀን ነው። ለማሽን 10 ቀን ብዙ ነው፤ እናንተ በደቂቃ አስቡት።

ጁን 19 ላይ የሆነው ሌላ ነው። «አቁሙ» በትክክል ተመዝግቧል፣ 08:41 ላይ። መልእክቱ የወጣው 12:00 ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ልዩነት አለ። ሲጣራ የካምፔይኑ ተቀባዮች ተጣርተው የተዘጋጁት ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው። ጠዋት የገባ እምቢታ እዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ይሄ ስህተት በተለይ መልእክት ቀጠሮ አስይዞ የሚልክ ሁሉ ዘንድ አለ። መፍትሔው ማጣሪያውን ከዝርዝር ዝግጅት አውጥቶ ወደ መላኪያው በር መውሰድ ነው። እያንዳንዱ መልእክት ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ የአይላክ ዝርዝር ላይ መኖሩ ይጠየቅ። ካምፔይኑ ትልቅ ሆኖ መልቀቁ ሰዓታት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል። መሃል ላይ «አቁሙ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሄን የሚያሳያችሁ ቀላል ፈተና አለ፦ ከእምቢታው ሰዓት በኋላ ለዚያው ቁጥር የወጣ መልእክት ካለ በየሳምንቱ ቁጠሩ። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ።

የጁላይ 10ሩ ግን እኔን በጣም ያናደደኝ ነው፤ ምክንያቱም በየቦታው አየዋለሁ። ሰውየው የአይላክ ዝርዝር ላይ ነበር። ለዚያም ነው ከጁን 19 በኋላ ሁለት ሳምንታዊ መልእክት ያልተላከበት። ጁላይ ላይ የሽያጭ ሠራተኛ አዲስ ፋይል ጫነ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር የአገር ኮድ አለው። ፋይሉ ላይ ያለው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ዜሮ ነበረው፤ ኤክሴል ዜሮዋን በላት። ለሰው ያው ቁጥር ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ጽሑፎች ናቸው። ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር ወደ ሲስተሙ ሲገባ በአንድ መልክ ይቀየር። መደበኛው መልክ E.164 ይባላል፦ የመደመር ምልክት፣ የአገር ኮድ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ክፍተትም ሰረዝም የለውም፣ በጠቅላላው ከ15 አሃዝ አይበልጥም። ወደዚህ መልክ መቀየር ያልተቻለ ቁጥር አይጫን። ኤክሴል ላይም አምዱን አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት፤ አለዚያ ዜሮ ከመብላቱ በላይ ረጅሙን ቁጥር 2.5E+11 ዓይነት አድርጎ ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር ማግኘት ላይቻል ይችላል።

አሁን ወደ ማስረጃው። «ፈቅዷል» የሚለው አምድ የሚነግራችሁ ዛሬ ያለውን ብቻ ነው። መቼ፣ የት፣ ለምን ጉዳይ እንደፈቀደ አይናገርም። እምቢ ሲል «አልፈቀደም» ብላችሁ ስትቀይሩት ደግሞ ፈቅዶ እንደነበርም ይጠፋል። አምዱን ተዉት። በምትኩ ከላይ እንዳለው ዓይነት መዝገብ ያዙ፤ በባንክ ደብተር ላይ እንደሚደረገው አዲስ መስመር ይጨመራል እንጂ የቀድሞው አይፋቅም። የፈቃድ መስመር ላይ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከሰዓት ቀጠናው ጋር፣ የመጣበትን መንገድና የፈቀደው ለምን ዓይነት መልእክት እንደሆነ ጻፉ።

ሁሉም የሚረሳው ደግሞ ሰውየው ያነበበውን ዓረፍተ ነገር ነው። ፎርማችሁ ላይ «አዳዲስ ቅናሾችን በኤስኤምኤስ ላኩልኝ» ተብሎ ነበር ወይስ «በውሎቹ ተስማምቻለሁ» ብቻ? ፎርሙ በየጊዜው ይለወጣል፤ ያኔ ምን ይል እንደነበር ከዓመት በኋላ ማንም አያስታውስም። ለእያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ስጡ፣ ጽሑፉንና ስክሪንሾቱን አስቀምጡ፣ መዝገቡ ላይ የቅጂውን ቁጥር ብቻ ጻፉ። በወረቀት ከሆነ የተፈረመበትን ፎቶ አንሱ። በቃል ከሆነ ማን እንደመዘገበው ይጻፍ። አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ግን ማስረጃ አይሆናችሁም፤ የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ጂዲፒአር እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም። ያው ሕግ አንቀጽ 7 ላይ ፈቃድ መኖሩን ማሳየት የላኪው ግዴታ እንደሆነ፣ እምቢ ማለትም እንደመፍቀዱ ቀላል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል።

ለጠያቂው ሰው የምትመልሱትም ከዚህ ይወጣል። «ማርች 12፣ 10:20 ላይ ድረ ገጻችን ላይ በዚህ ቁጥር ተመዝግበዋል፤ የነበረው ጽሑፍ ይሄ ነው። አሁን አቁመናል።» በቃ። ክርክር አትጀምሩ። «እኔ አልተመዘገብኩም» ቢልም እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ቁጥሩን በስህተት አስገብቶ ይሆናል፤ ወይም ቁጥሩ ከቀድሞው ባለቤት ወደሱ ተላልፏል። ፈቃድ የሰው እንጂ የቁጥር አይደለም። «ተሳስታችኋል» የሚል ምላሽ እንደ «አቁሙ» ይቆጠር። የስህተት ምዝገባን ለመቀነስ ከፎርሙ በኋላ «ለማረጋገጥ አዎ ብለው ይመልሱ» የሚል አንድ መልእክት ላኩ። ያልመለሰውን ተዉት።

አንድ ሌላ ነገር። የላኪ ስማችሁ ቁጥር ሳይሆን በፊደል የተጻፈ ከሆነ ሰዎች ሊመልሱላችሁ አይችሉም። ያኔ «አቁሙ ብለው ይመልሱ» ማለት ሰውን ማላገጥ ነው። የሚመለስበት አጭር ቁጥር ወይም በአንድ ንክኪ የሚያስወጣ ሊንክ ስጡ። ሊንኩ የይለፍ ቃል አይጠይቅ። የማስታወቂያውና የማረጋገጫ ኮድ መላኪያውም በተለያየ ቁጥር ይሁን። በአንድ ቁጥር ከሆነ ማስታወቂያ ሰልችቶት STOP ያለ ሰው መግቢያ ኮዱም ይታገድበታል። ትዊሊዮ በሚባለው የመልእክት መላኪያ አገልግሎት ላይ እንዲህ ወደታገደ ቁጥር ስትልኩ የስህተት ቁጥር 21610 ይመጣል። ያን ስህተት አይታችሁ በሌላ ቁጥር ለመላክ አትሞክሩ፤ ወደ ራሳችሁ የአይላክ ዝርዝር አስገቡት።

እምቢ ላለው ሰው አንድ የማረጋገጫ መልእክት መላክ ይቻላል፦ «ከዝርዝራችን ወጥተዋል፤ ከዚህ በኋላ አንልክም»። ማስታወቂያ አይኑርበት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይድረስ። በግዕዝ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ስለሆነ አሳጥሩት።

የአሁኑ ኤክሴላችሁ ላይ ማስረጃ የሌላቸው ሰዎች ብዙ ይሆናሉ። ለእነሱ «ይፈቅዳሉ?» ብሎ በኤስኤምኤስ መጠየቅ አያዋጣም፤ ጥያቄው ራሱ ያልተፈቀደ መልእክት ነው። ወደ እናንተ ራሳቸው ሲመጡ፣ ሲገዙ ወይም ሲደውሉ ጠይቁ። የሚቀጥለውን ካምፔይን ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ የራሳችሁን ስልክ አስመዝግቡ፤ በዓረፍተ ነገር እምቢ በሉ፤ ከዚያ የድሮውን ፋይል ዜሮዋ በተበላች ቁጥራችሁ እንደገና ጫኑትና ላኩ። ስልካችሁ ከጮኸ ገና አልጨረሳችሁም።